ከየትኛው ቃል ላይ ልግባ?

«ጤና ይስጥልኝ። አራት ሆነን የምናዘጋጀው የድምፅ ውይይት አለን፤ ስክሪፕቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቀረጻ ላይ ግን አንዳንዴ ሁላችንም ‹ተራው የማን ነው?› እያልን ዝም እንላለን፤ አንዳንዴ ደግሞ ሦስታችን በአንድ አፍ እንገባለን። ‹ይደራረባሉ› ብዬ በቅንፍ ብጽፍም ለውጥ የለም። ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ቀለም ሰጥቼም ሞክሬአለሁ። የ20 ደቂቃ ዝግጅት ለመቅረጽ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል። አንዷ ባልደረባችን ደግሞ በኢንተርኔት ነው የምትገባው። ስክሪፕቱ ላይ ምን ዓይነት ምልክት ላድርግ?»

ጤና ይስጥልን። «ይደራረባሉ» የሚለው ቃል አድማጭ በመጨረሻ የሚሰማውን ይናገራል እንጂ ማይክሮፎን ፊት ለተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ከየትኛው ቃል በኋላ እንደሚገባ፣ እሱ ሲገባ ተናጋሪው ያቆም ወይም ይቀጥል እንደሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ደግሞ ከሁለቱ የማን ቃል መሰማት እንዳለበት ነው። ይህን ስክሪፕቱ ካልመለሰለት በግምት ይገባል። አራት ሰው በየራሱ ግምት ሲሄድ የጻፉልኝ ነገር ይፈጠራል። ቀለሙም ያልረዳዎት ለዚህ ነው፤ ቀለም «ማን» ለሚለው ይመልሳል፣ የእናንተ ችግር ግን «መቼ» ነው።

በመጀመሪያ ዝምታው ከየት እንደሚመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት ነበር፤ ሰዎች እርስ በርስ ሲጫወቱ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጊዜ ንግግሩ ማለቁን ሰምቶ፣ መልስ አስቦ፣ አፍ ለመክፈት አይበቃም። ስለዚህ ሰው የሌላውን ንግግር ማብቂያ ሳይደርስ አስቀድሞ ይገምታል፤ እየሰማ ይዘጋጃል ማለት ነው። ስክሪፕት የሚያነብ ሰው ግን ዓይኑን የራሱ መስመር ላይ ተክሎ ዝምታ ይጠብቃል። ዝምታውን ሲሰማ ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያ ነው የሚጀምረው። በየተራው አንድ ሰከንድ የምታክል ጉድጓድ ትፈጠራለች፤ ውይይቱም የክፍል ውስጥ ንባብ ይመስላል።

መፍትሔው ዓይኑን ቀድሞ ወደሚናገረው ሰው መስመር መመለስ ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ ሙሉውን ስክሪፕት ይያዝ። የራሱን ክፍል ብቻ ቆርጦ የያዘ ሰው መጣሁ መጣሁ የሚለውን ተራውን ማየት አይችልም። ከዚያ ሁሉም በየቅጂው ከራሱ ተራ በፊት ያለውን የሌላውን ሰው የመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ቃል በእስክሪብቶ ያስምርበት። ይህ የመነሻ ቃሉ ነው። የራሱን ክፍል ማስመር አያስፈልገውም፤ ስሙ ተጽፎለታል። በእኔ ልምድ ዝምታውን ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው ይህ ብቻውን ነው።

ለተራዎቹ ሁሉ ቁጥር ይስጧቸው። ቁጥሩ የሚሰጠው ለመስመር ሳይሆን ለተራ ነው፤ አንድ ሰው ስምንት መስመር ቢናገርም ቁጥሩ አንድ ነው። ጥቅሙን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መደራረቡ። አሜሪካዊቷ የንግግር ተመራማሪ ጌል ጄፈርሰን የተቀረጸ ጭውውት ወረቀት ላይ ለማስፈር ያበጀችው የምልክት ሥርዓት አለ። በእሱ ውስጥ መደራረብ የሚጀምርበት ቦታ በሁለቱም ተናጋሪዎች መስመር ላይ በማዕዘን ቅንፍ ይታያል፤ ቅንፎቹም አንዱ በአንዱ ሥር ልክ ለልክ ይቆማሉ። ያለ ምንም ክፍተት የሚከተለው ንግግር ደግሞ በእኩል ምልክት ይታያል። የተነገረን ነገር ለማጥናት ግሩም ሥርዓት ነው። ገና ለሚነገር ስክሪፕት ግን ቅንፎቹን አልመክርም፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። የፊደሎቻችን ስፋት እኩል አይደለም። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ልክ ለልክ ያስተካከሏቸው ቅንፎች ባልደረባዎ በስልክ ሲከፍተው ይንሸራተታሉ፤ መግቢያው ሦስት ቃል ያልፋል ወይም ይቀድማል። ስለዚህ ከጄፈርሰን የእኩል ምልክቱን እንውሰድ። ለመደራረብ ግን የተውኔት ጸሐፊዎች የሚጠቀሙባትን እዝባር እንያዝ። አንዲት / ሰውየው በሚናገረው ዓረፍተ ነገር መሀል ትገባለች፤ ቀጣዩ ተናጋሪ እዚያው ላይ ይጀምራል። ምልክቷ ከቃሉ ጋር ስለምትሄድ ገጹ ቢጠብም ቢሰፋም ቦታዋን አትለቅም።

የእዝባሯ ቦታ ግን ትልቁ ጉዳይ ነው፤ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ይብስበታል። የእኛ ዓረፍተ ነገር የሚፈታው መጨረሻው ላይ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ አድማጭ ነገሩ አዎንታ ይሁን አሉታ አያውቅም። ከግሡ በፊት የተቋረጠ ሰው ምንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ከግሡ በኋላ የምንጨምራቸው ጭራዎች አሉን፤ «ማለት ነው»፣ «አይደል እንዴ»፣ «ብዬ አስባለሁ»፣ «ነው የሚባለው»። እነዚህ ከሌላ ድምፅ ሥር ቢቀበሩ የሚጎድል ነገር የለም። በአማርኛ ስክሪፕት የመደራረብ ቤቱ እዚህ ነው፤ ከግሡ በኋላ፣ ከጭራው በፊት።

በምሳሌ እናድርገው። አራት አቅራቢዎች ስለ ጨረቃ ይወያያሉ እንበል። ስክሪፕቱ በተለመደው መንገድ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

አወያይ፦ ሁልጊዜ ያንኑ ፊቷን ነው የምናየው። ስለዚህ ጨረቃ በራሷ ዛቢያ ላይ...
ሀ፦ (አቋርጦ) ትዞራለች!
ለ፦ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።
መ፦ (ከሀ ጋር ተደራርቦ) ትዞራለች እንጂ። አንዴ በራሷ ዛቢያ ለመዞርና አንዴ መሬትን ለመዞር የሚወስድባት ጊዜ እኩል ነው።
(ሁሉም በአንድ ላይ ይናገራሉ)
አወያይ፦ ስንት ቀን?

ይህ ቀረጻ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። አወያዩ ሦስቱን ነጥቦች ያያል፤ እንደሚቋረጥ ስለሚያውቅ «ዛቢያ ላይ» ሲል ድምፁ ይረግባል፣ ይቆማል፣ መቋረጡን ይጠብቃል። ሀ ደግሞ አወያዩ ሲቆም ያይና «አሁን ነው» ብሎ ይገባል። የተጻፈው ማቋረጥ ነበር፤ የተቀረጸው ግን ዝምታ ሆነ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ «አትዞርም» የሚለው ቃል ከማንም አፍ አለመውጣቱ ነው። አድማጭ ስሕተቱን ሳይሰማ ማረሚያውን ይሰማል። ለ «እኔም እንደዚያ» ሲል «እንደዚያ» ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። መ ከሀ ጋር ተደራረብ ቢባልም ሀ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ ለ አለ፤ ስለዚህ መ መቼም ሊደርስበት አይችልም። «ሁሉም በአንድ ላይ» የሚለው ጋ ሲደርሱ አራቱም ይተያያሉ።

ያንኑ ነገር እንደገና ልጻፈው፦

12 አወያይ፦ ሁልጊዜ ያንኑ ፊቷን ነው የምናየው። ስለዚህ ጨረቃ በራሷ ዛቢያ ላይ አትዞርም / ማለት ነው።
13 ሀ፦ ትዞራለች!
14 ለ፦ = እኔም እንደማትዞር ነበር የማውቀው።
15 መ፦ ትዞራለች እንጂ። አንዴ በራሷ ዛቢያ ለመዞር የሚወስድባት ጊዜ [ለ፦ እህ] አንዴ መሬትን ለመዞር ከሚወስድባት ጊዜ ጋር እኩል ነው። ለዚህ ነው ያው ፊቷ ወደኛ እንደዞረ የሚቀረው፤ / (ሌላ ምክንያት የለውም፣ የጊዜው እኩል መሆን ነው።)
16 አወያይ፦ ቆይ፣ ስንት ቀን ነው ጊዜው?
17 መ፦ = 27 ቀን ገደማ።

ተራ 12 ላይ አወያዩ የሚያቆምበት ምክንያት የለውም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጽፎለታል፣ እስከ «ነው» ድረስ ይናገረዋል። ሀ «አትዞርም» የሚለውን እንደሰማ ይገባል። «ማለት ነው» እና «ትዞራለች» በርዝመት ስለሚቀራረቡ አንዱ ሌላውን ሸፍኖ አብረው ያልቃሉ፤ መደራረቡ አንድ ሰከንድ አይሞላም፤ ሆኖም ጆሮ ላይ እውነተኛ ማቋረጥ ነው። አድማጩም ስሕተቱንም ማረሚያውንም አጥርቶ ሰምቷል።

ተራ 14 ላይ ያለችው = «ትንፋሽ አትውሰድ፣ ተያያዥ ሆነህ ግባ» ማለት ናት። መደራረብ አይደለም፤ ሀ ቃሉን ይጨርሳል፣ ለ ወዲያው ይይዘዋል። ምልክት የሌለበት ተራ ደግሞ፣ እንደ 15፣ በተለመደው ፍጥነት ይገባል። አብዛኞቹ ተራዎችዎ ምልክት አልባ መሆን አለባቸው፤ ምልክት የበዛበት ገጽ እንደ ካርታ ይጠናል እንጂ አይነበብም።

ተራ 15 መጨረሻ ላይ ያለችውን ክብ ቅንፍ ልብ ይበሉልኝ። እዝባሯን ተከትሎ የሚመጣ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ተራ 12 ያለ ቅንፍ ከተጻፈ ተናጋሪው ሌላው ገባም አልገባም እስከ መጨረሻው ይናገረዋል። በክብ ቅንፍ ውስጥ ከሆነ ግን «ሌላው እስኪገባብህ ድረስ ተናገረው፣ ሲገባብህ ተውለት» ማለት ነው። አወያዩ በቅጽበቱ ቢገባ መ ከቅንፉ ውስጥ አንድ ቃል ወይም ምንም አይናገርም። አወያዩ ቢዘገይ ግን መ የሚናገረው ነገር ስላለው ዝምታ አይፈጠርም። ሦስት ነጥብ ያለበት ስክሪፕት ተናጋሪውን ገደል አፋፍ ላይ ያቆመዋል፤ ቅንፉ ግን መሬት ይጨምርለታል። ስለዚህ በማንኛውም የሚቋረጥ ንግግር ላይ ሦስት ነጥብ አይጻፉ፤ ሰውየው ባይቋረጥ ኖሮ ምን ሊል ነበር የሚለውን ጽፈው ይጨርሱለት። አድማጭ የማይሰማውን ነገር መጻፍ ድካም ይመስላል፤ ግን የዓረፍተ ነገሩን ዜማ የሚሸከመው ያ ያልተሰማው ክፍል ነው። ሰው ስምንት ቃል ሊናገር ተነስቶ በሦስተኛው ሲቋረጥ ድምፁ ገና ከፍ እንዳለ ነው፤ ሦስት ብቻ ሊናገር የተነሳ ሰው ግን በሦስተኛው ላይ ድምፁን ያሳርፋል። ይህን ልዩነት በኤዲት ማስተካከል አይቻልም።

በማዕዘን ቅንፍ ያስገባኋት «እህ» ደግሞ የሌላ ዓይነት መደራረብ ናት። ለ ተራ መውሰድ አልፈለገም፤ እየሰማ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ የራሱ ቁጥርም የራሱ መስመርም አያስፈልገውም፤ ተናጋሪው ንግግር ውስጥ ቦታዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ መ ሲያያት ሌላ ሰው ሊያቋርጠው እንዳልሆነ ያውቃል፣ ፍጥነቱን አይቀንስም። እነዚህን ድምፆች ለአንድ ሰው ብቻ ስም ጠርተው ይስጡ። «ይስማማሉ» ብለው ቢጽፉ ሦስት ሰው በአንዴ «እህ» ይልና ጸሎት ቤት ይመስላል።

«ሁሉም በአንድ ላይ» የሚለውን እንደሚያዩት ሰርዤዋለሁ። የጫጫታ ስሜት በእርግጥ ከተፈለገ ከዋናው ቀረጻ በኋላ ሁሉም በየተራው አሥር አሥር ሰከንድ የተቃውሞም የመገረምም ንግግር ይቅረጽ፤ ኤዲተሩ ከሥር ያነጥፈዋል። በቀጥታ ከተቀረጸ ግን አንድ የተሳሳተ ቃል እንኳን ማውጣት አይቻልም።

የመነሻ ቃል አመራረጥ ላይ እኔን ያቃጠለኝን ልንገርዎት። አንድ ጊዜ ለሦስት ሰው በጻፍኩት ስክሪፕት አንዷ አቅራቢ ከሌላኛው «ነው» በኋላ እንድትገባ እዝባር አደረግኩ። ተራው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ ሦስቱም በ«ነው» ያልቃሉ። እሷ በመጀመሪያው ገባች። እንደገና ጀመርን፤ አሁን ፈርታ ጠበቀች፣ ሦስተኛውንም አሳለፈችው። እንደገና። ሰባት ጊዜ ያህል ሞክረን ሁላችንም ተናደድን፤ ሰው ሁሉ የተቆጣው በእሷ ላይ ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። በጆሮ የምትጠብቀው ቃል በዚያ ተራ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ ለየትኛው እንደምትገባ ጆሮዋ በምን ይወቅ? ከዚያ ወዲህ ከእዝባር በፊት ያለውን ቃል ስመርጥ ያንን ተራ ከመጀመሪያው አነብና ቃሉ ቀድሞ መጥቶ እንደሆነ አያለሁ። ቀድሞ ከመጣ አንዱን እቀይራለሁ። ከላይ በተራ 12 «አትዞርም» አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የምናየው» ብሎ ያለቀውም በድንገት አይደለም።

አንድ መደራረብ በሁለት ገጽ አይከፈል። እዝባሯ ያለችበት ተራና የሚገባው ሰው ተራ አንድ ገጽ ላይ ካልተቀመጡ ገጹን ከፍ ብለው ይቁረጡት፣ ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ቢቀር ግድ የለም።

ስክሪፕቱ እንዲህ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ከቀረጻ በፊት ሙሉውን አታንብቡት። መጋጠሚያዎቹን ብቻ አንብቡ። ከተራ 12 የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት፣ ከ13 የመጀመሪያው ቃል፣ አለቀ፤ ከ13 የመጨረሻ ቃል፣ ከ14 የመጀመሪያ ሁለት ቃል፣ አለቀ። ሠላሳ መጋጠሚያ ያለው ስክሪፕት በአምስት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። የሚደናቀፈው ቦታ ወዲያው ይታወቃል፣ ሰዎቹም የመሀሉን ንግግር ለቀረጻው ትኩስ አድርገው ያቆዩታል። በዚህ ንባብ ላይ የሚፈልጓቸው ምልክቶች አሉ። ተናጋሪው እዝባሯ ጋ ሲደርስ ከቀዘቀዘ መቋረጡን እየጠበቀ ነው፤ ከእዝባሯ በኋላ ያለውን ጽሑፍ ያስረዝሙለት። የሚገባው ሰው የመጀመሪያ ፊደሉ ከተዋጠ መነሻ ቃሉ ዘግይቷል፤ እዝባሯን አንድ ቃል ቀደም አድርገው ያስገቧት፣ ከግሡ በፊት ግን አይሂዱ። ሁለቱም አብረው ካቆሙ ማን እንደሚቀጥል አልተነገራቸውም፤ ቅንፍ ይኑር አይኑር ይወስኑ።

ቀረጻው ላይ ተጋጭታችሁ ማቆም ካስፈለገ ቁጥሮቹ የሚጠቅሙት እዚህ ነው። ሁሉም ዝም ይበል፣ ሁለት ሰከንድ ይለፍ፣ አወያዩ «ከ11» ይበል። ከ13 አይደለም፤ ከ12 መሀልም አይደለም። መደራረቡ ያለበትን ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን ሙሉ ተራ ይጥራ። ምክንያቱ ማይክሮፎን ውስጥ ነው። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ማይክሮፎን ቢኖራችሁም የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክሮፎን ደብዘዝ ብሎ ይገባል። ሁለት ድምፅ በተቀላቀለበት ቦታ ላይ የድሮውን ቆርጦ ከአዲሱ ጋር መስፋት አይቻልም፤ የተቆረጠው ሰው ጭራ በሌላው ትራክ ላይ ቀርቶ ይሰማል። ንጹሕ መጋጠሚያ የሚገኘው አንድ ሰው ብቻ በሚናገርበት ቦታ ነው።

ይህን መፍሰስ ለመቀነስ የቀረጻ ሰዎች የሚከተሉት ልክ አለ። በሁለት ማይክሮፎኖች መካከል ያለው ርቀት ማይክሮፎኑ ከአፍ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን ይላሉ። አፋችሁ ከማይክሮፎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ማይክሮፎኖቹ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። አራታችሁም በአንድ ማይክሮፎን የምትቀርጹ ከሆነ ግን የተደራረበው እንደተደራረበ ይቀራል፤ ስለዚህ እዝባሮቹን ይቀንሱ፣ = ይብዛ። ማይክሮፎኑ ስንትም ይሁን እኔ በ20 ደቂቃ ስክሪፕት ከአሥር በላይ እዝባር አላስገባም። ክርክሩ የሞቀበት ቦታ ላይ ሦስት በተከታታይ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም፤ ይህ ከእኩል ርቀት ክፍፍል የበለጠ የሰው ጨዋታ ይመስላል።

በኢንተርኔት ስለምትገባው ባልደረባችሁ። እሷ ላይ እዝባር አይሠራም፤ ልምምድም አያስተካክለውም። ድምፅ በመስመሩ ሲሄድ ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ የድምፅ ውይይት የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ያ ልክ ቢጠበቅ እንኳን መነሻ ቃሉ እሷ ጋ ለመድረስ 0.15 ሰከንድ፣ የእሷ መልስ እናንተ ጋ ለመምጣት ሌላ 0.15 ሰከንድ ይወስዳል። ገና ማንም ሳያስብ 0.3 ሰከንድ አለፈ፤ ይህ ደግሞ መጀመሪያ ካነሳነው ተፈጥሯዊ ክፍተት ይበልጣል። እሷ በትክክለኛው ቃል ላይ ገብታ ሳለ እናንተ ዘገየች ትላላችሁ። ስትቋረጥም እንዲሁ ነው፤ መቋረጧን የምታውቀው ዘግይታ ስለሆነ እላያችሁ ላይ መናገሯን ትቀጥላለች።

ስለዚህ እሷ ባለችበት መደራረብ ሁሉ በአንዷ እዝባር ፈንታ // ያድርጉ። ትርጉሙ «እዚህ የምንደራረበው በኤዲት ነው» ይሁን። ቀረጻ ላይ የመጀመሪያው ሰው ዓረፍተ ነገሩን እስከ ጭራው ይጨርሳል፣ አንድ ሰከንድ ያህል ዝም ይባላል፣ ሁለተኛው ይናገራል። እሷ ድምፅዋን እዚያው ባለችበት በራሷ መሣሪያ ትቅረጽና ፋይሉን ትላክ፤ በኢንተርኔቱ የተሰማው ለመነጋገሪያ ብቻ ይሁን። ኤዲተሩ የእሷን ድምፅ // ካለችበት ቃል ሥር ያንሸራትተዋል። ድምፆቹ በተለያየ ቦታ ስለተቀረጹ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፈሰሰም፤ በሚፈለገው ልክ መግፋትና መጎተት ይቻላል። እንዲያውም በአንድ ክፍል ከተቀረጹት ይልቅ የእሷ መደራረቦች የተዋጣላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በመሀል የሚገቡትን «እህ» እና «አዎ» ግን ቀረጻው ላይ አትናገራቸው፤ መጨረሻ ላይ አምስት ስድስት ዓይነት ለብቻ ትቅረጽላችሁ።

የዚህ መንገድ ድክመት ሙቀቱ መጥፋቱ ነው። ከአንድ ሰከንድ ዝምታ በኋላ «ትዞራለች!» የምትል ሴት መምህር ትመስላለች እንጂ ልታቋርጥ የቸኮለች አትመስልም። ለዚህ የምጠቀምበት ዘዴ አለ። ተራዋ ሲደርስ የአወያዩን ዓረፍተ ነገር ራሷ በለሆሳስ ትጀምር፣ «ጨረቃ በራሷ ዛቢያ ላይ አትዞርም» ትበልና ሳትተነፍስ በሙሉ ድምፅዋ «ትዞራለች!» ብላ ትውጣ። ኤዲተሩ ለሆሳሱን ይቆርጠዋል፤ የቀረው ቃል ግን ከሌላ ንግግር ላይ የተነሳ ቃል ጉልበት ይኖረዋል።

ቀለሞቹንም አይጣሉ። ለአራቱም ሰው ከመስጠት ይልቅ አንዱን ቀለም ብቻ ያስቀሩና // ያለባቸውን ተራዎች ሁሉ በእሱ ይቀቡ፤ ክፍሉ ውስጥ ያላችሁት ሦስታችሁ ያንን ቀለም ስታዩ ከመግባታችሁ በፊት ሰከንዷን ትጠብቃላችሁ፣ ኤዲተሩም የቱን እንደሚያንሸራትት ፈልጎ አይደክምም።